ፑሽ አፕና የሽሮው ውፍረት

ሴት አቅራቢ፦ ቤቱ ውስጥ ፑሽ አፕና ስኳት የጀመረ፣ ለሥጋ አቅም የሌለው ወጣት ፕሮቲን ከየት ያግኝ?

ወንድ አቅራቢ፦ ከጥራጥሬ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ከ70 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ብቻውን ወደ 24 ግራም ይሰጣል።

ሴት አቅራቢ፦ ሽሮማ በየቀኑ እንበላ የለ?

ወንድ አቅራቢ፦ ችግሩ መቅጠኑ ነው። ቀጭን ሽሮ ውስጥ ዱቄቱ ጥቂት ስለሆነ ሆድ የሚሞላው ውሃውና እንጀራው ነው። ወፈር ተደርጎ ይሠራ፤ ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። መክሰስ ላይ የሽምብራ ቆሎ፣ ሲገኝም እንቁላል ይጨመር።

ሴት አቅራቢ፦ በጾምስ?

ወንድ አቅራቢ፦ ያኔም እንጀራና ጥራጥሬ ፕሮቲናቸው ይደጋገፋል።

ሴት አቅራቢ፦ አለመብቃቱን በምን ያውቃል?

ወንድ አቅራቢ፦ ሳይፈልግ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ለሳምንታትም የፑሽ አፑ ቁጥር አልጨምር ካለ፣ ምግቡ አንሶት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በየማዕዱ አንድ ጭልፋ ወጥ ይጨምር።