«ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ»፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር

ዛሬ የምናገረው በሰው አገር የሚሠራ ሰው ለቤተሰቡ ስለሚልከው የሰላምታ ደብዳቤ ነው። ጅዳ በቆየሁባቸው ዓመታት መጻፍ ለሚከብዳቸው እህቶች ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ተብሎ ይጀመራል፤ ጤና ይጠየቃል፤ «እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ከዚያ ስም ይጠራል፦ አባት፣ ወንድምና እህት፣ አክስትና አጎት፣ ጎረቤት። የተዘለለ ሰው ስለሚቀየም «ስማችሁን ያልጠራሁ ሁሉ» የምትለዋ አትቀርም። የገንዘቡ ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ደብዳቤው ግን የእናት ብቻ አልነበረም። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ላኪዋም ይህን ስለምታውቅ ጎረቤት እንዲሰማው የማትፈልገውን አትጽፍም። ዛሬ በዋትስአፕና በኢሞ ድምፃችንን ብንልክም ነገሩ ያው ነው፤ ስልኩ የታናሽ ወንድም ነው፣ መልእክቱንም ቤት ሙሉ ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ሰላምታ እንጂ ወሬ አይደለም።

አንዲት እህታችን በቤት ሠራተኛነት ስትቀጠር ውሏ በወር 1000 ሪያል ይል ነበር። 5 ወር ሲሞላት አንድም ሪያል አልተሰጣትም፤ «ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» ይሏታል። ወደ ቤት የምትልከው ግን «ደህና ነኝ፣ ገንዘቡን በሚቀጥለው ወር እልካለሁ» የሚል ነበር። እናቷ ልጄ ረሳችኝ ብለው አዘኑ። ታላቅ እህቷ ሰው በሌለበት ደወለችና «ደህና ነሽ ወይ?» ሳይሆን «የስንት ወር ደሞዝ እጅሽ ገባ?» ብላ ጠየቀቻት። ያኔ ሁሉን ተናገረች። የውሉ ቅጂ እህቷ ዘንድ ስለነበር ቤተሰቡ ይዞት ወደ ላካት ኤጀንሲ ሄደ። ኤጀንሲው አሠሪውን አነጋግሮ የ3 ወሩ ተከፈላት፤ የቀረው 2000 ሪያል ግን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ፣ ሰላምታው ለሁሉም ይሁን፤ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ግን ሌላ መልእክት ላኩ። በእሱ የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ፣ የምትሠሩበት ከተማና ሰፈር፣ የተከፈላችሁና ያልተከፈላችሁ ወር ይኑርበት። ፓስፖርቱን ብዙ ጊዜ አሠሪው ስለሚይዘው፣ የፓስፖርቱና የውሉ ፎቶ ከጉዞ በፊት ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ «በሚቀጥለው ወር» ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ስም እየጠራች ሰላም ትል የነበረች ልጅ ሰላምታዋ ካጠረ፣ ለብቻዋ አነጋግሯት። «መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችሁ በፊትም «ተከፈለሽ ወይ?» በሏት።